የጠፋ ፎቶ ይመለስልኝ ብላችሁ ስልካችሁን ከመስጠታችሁ በፊት

ቤተሰብ ለመጠየቅ መጥቼ በቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት ብዙ ዓይነት አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ። አብዛኛው ደህና ነበር። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን አንዱ ስለሆነ ስለሱ ብቻ ልጻፍ።

ስልኬ ሲሞላብኝ ቦታ ላስለቅቅ ብዬ ሁለት ነገር በስህተት አጠፋሁ። አንዱ ሚሞሪ ካርዱ ላይ የነበረ 187 ፎቶ ያለበት ፎልደር ነው። ሌላው ስልኩ ውስጥ የነበረ ቪዲዮ ነው፤ እናቴ ስለ ልጅነቷ ስታወራ 11 ደቂቃ የቀረጽኳት።

የወሰድኩበት ጥገና ቤት «ሁሉም ይመለሳል፣ ነገ ነይ» ብሎ ሙሉ ክፍያውን አስቀድሞ ተቀበለኝ። ነገ ስሄድ ደግሞ ነገ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን «ገና እየሠራ ነው» ተባልኩ። በአራተኛው ቀን፣ በረራዬ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ «ከ600 በላይ ፎቶ መልሰናል፣ ካርዱ ላይ አስቀምጠንልሻል» ብለው ሰጡኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቤት ገብቼ አንዱን ሳሰፋው ግን የእናቴ ፊት እንኳ አይለይም። የፎቶውን ዝርዝር ስከፍት 512 በ384 ፒክስል ይላል፤ ዋናው 4000 በ3000 ነበር። የሰጡኝ ፎቶዎቼን ሳይሆን ስልኩ ጋለሪውን ቶሎ ለማሳየት ለራሱ የሚያስቀምጣቸውን ትንንሽ ቅጂዎች ነው። ግማሾቹማ ጭራሽ ያልጠፉ ፎቶዎች ቅጂ ነበሩ። እኔ በምኖርበት አገር ተመሳሳይ ሥራ ያሠራሁበት ቤት መጀመሪያ መርምሮ የሚቻለውንና የማይቻለውን ነግሮኝ ነበር ገንዘብ የጠየቀኝ፤ እዚህም ያንኑ ጠብቄ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰደኝ። ባለሙያው መጀመሪያ የጋለሪውን ትራሽ ከፈተ። ከዚያ ስማቸው በ `.trashed-` የሚጀምር የተደበቁ ፋይሎችን ፈለገ፤ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ከጋለሪ የጠፋን ፎቶ በዚህ ስም 30 ቀን ያቆዩታል። እኔ ያጠፋሁት በፋይል ማኔጀር በቀጥታ ስለነበር ምንም አልተገኘም። ከዚያ ቀና ብሎ «እህቴ፣ ለቪዲዮው ገንዘብሽን አልቀበልም» አለኝ።

ምክንያቱን በእርጋታ አስረዳኝ። ስልኩ ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ የተመሰጠረ ነው፤ አንድሮይድ 10 ይዘው ከወጡ ስልኮች ጀምሮ ይህ ግዴታ ሆኗል። እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ለማውጣት የሚያስፈልገው ቁጥር የሚቀመጠው ከፋይሉ መዝገብ ጋር ነው። ፋይሉ ሲጠፋ መዝገቡም ይሄዳል። ስለዚህ የቪዲዮው ዳታ ቺፑ ላይ ተርፎ ቢገኝ እንኳ ትርጉም የሌለው ዝብርቅ ከመሆን አያልፍም። የስልኩን ፒን መስጠትም አይረዳም፤ ፒኑ የሚከፍተው ያሉትን ፋይሎች እንጂ የጠፉትን አይደለም። በዚያ ላይ ስልኩ «ይህ ቦታ አያስፈልገኝም» ብሎ ለቺፑ ስለሚነግረው ቺፑ ራሱ ጊዜ ሲያገኝ ያጸዳዋል። አይፎንም ለእያንዳንዱ ፋይል የየራሱ ቁልፍ ስላለው ነገሩ ከዚህ አይለይም።

ካርዱ ግን ሌላ ነው። የእኔ ካርድ አልተመሰጠረም፤ ፋይል ሲጠፋም መዝገቡ ላይ «የለም» የሚል ምልክት ይደረግበታል እንጂ ፎቶው ባለበት ይቀራል፣ ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ። የመጀመሪያው ቤት የሠራብኝ በደል የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እነዚያን 600 ቅጂዎች ያስቀመጡት እዚያው ካርድ ላይ፣ ፎቶዎቼ በነበሩበት ክፍት ቦታ ላይ ነበር!

ባለሙያው ካርዱን አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ካርዱን ራሱን አልነካካም፤ ሙሉ ቅጂውን ወስዶ ቅጂው ላይ ሠራ።

```
sudo ddrescue /dev/sdb card.img card.map
photorec card.img
```

ሁለተኛው ፕሮግራም የፋይል ስም አይፈልግም፤ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት እያሰሰ ያወጣል። ስለዚህ ስማቸውና ፎልደራቸው አይመለስም፣ በቁጥር ነው የሚወጡት። ከ187ቱ 171 ሙሉ በሙሉ ወጡ። የቀሩት 16ቱ ላይ የተጻፈባቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ከላይ የሰው ፀጉርና ግንባር ይታያል፣ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። ሁሉም በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሠራ፣ የከፈልኩትም ለካርዱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ሄጄ ገንዘቤን ስጠይቅ «600 ፎቶ መልሰንልሽ የለም እንዴ?» ብለው መለሱኝ። አንድ ቤት የጠፋ ቪዲዮ ከስልክ ውስጥ እመልሳለሁ ካላችሁ እንዴት ብላችሁ ጠይቁ። መለስኩ የሚላችሁንም ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ አንዱን አስፉና ፒክስሉን እዩ።

በመሄጃዬ ዋዜማ እናቴ ወሬውን እንደገና ነገረችኝ፣ እኔም እንደገና ቀረጽኳት። እንደ መጀመሪያው አልሆነም፣ ብዙውን ዘላዋለች። እሷ ቡና ልታፈላ ስትነሳ ቪዲዮውን ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩት።