ማስላክ ወይስ ኮፐንሃገን? የመምህራንን ዝለት ለመለካት የቱ ያዋጣል?

ጎንደር ውስጥ በመምህራን የሥራ ዝለት ላይ ጥናት የሚሠሩ ወዳጆቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የማስላክን መጠይቅ ልግዛ ወይስ በኮፐንሃገን ልሥራ?» ሁለቱም የሥራ ዝለትን የሚለኩ መጠይቆች ናቸው። መልሴ ኮፐንሃገን ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንይ። ማስላክ ባለመብት ስላለው በቅጂ ቁጥር፣ በዶላር ይከፈልበታል። የምታጠኗቸው ትምህርት ቤቶች 600 መምህራን አሏቸው እንበል። የናሙናን መጠን በሚያሰላው በያማኔ ቀመር፣ 5 በመቶ ስህተት ይዘን፣ ናሙናው 240 ይሆናል። 75 መምህራን ካሉት ትምህርት ቤት 30 ይደርሳችኋል ማለት ነው። ለሙከራ 30 ሰው ስትጨምሩ 270 ቅጂ ያስፈልጋል። አንዱን በ2 ዶላር ተኩል ብናስበው 675 ዶላር ነው። በካርድ የሚከፍልላችሁ ሰው ፍለጋም አለ። ኮፐንሃገን ነጻ ነው። ወጪው የወረቀትና የፎቶ ኮፒ ብቻ ነው።

«እጅ በእጅ የሚዞር የማስላክ ቅጂ አለኮ» የሚል አይጠፋም። አንዱን አይቼዋለሁ። ከ22ቱ ጥያቄዎች ሁለቱ ተዘለዋል፤ ከ0 እስከ 6 የነበረው መልስ ከ1 እስከ 5 ሆኗል። በዚህ የተገኘ ነጥብ ከሌላ ጥናት ጋር ሊነጻጸር አይችልም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው የመጠቀሚያ ፈቃዱን ከጠየቀ ደግሞ የምታሳዩት የለም።

ኮፐንሃገን 19 ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ራስ፣ ስለ ሥራና ስለ ተገልጋይ። «ተገልጋይ» የሚለውን «ተማሪ» አድርጉት። ወደ አማርኛ ከተመለሰ በኋላ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። አንድ ወጥመድ አለው። በትርፍ ጊዜ ለቤተሰብና ለጓደኛ የሚተርፍ ጉልበት ስለመኖሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ነጥቡ ተገልብጦ ነው የሚሰላው። ካልተገለበጠ የጥያቄዎቹን እርስ በርስ መጣጣም የሚያሳየው ክሮንባኽ አልፋ ይወርዳል፤ ጥያቄውም ከሌሎቹ ጋር ያለው ዝምድና ኔጌቲቭ ሆኖ ይወጣል። ይህን ያዩ ሰዎች ጥያቄውን «አይሠራም» ብለው ሲሰርዙት ያሳዝነኛል።

ማስላክ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ መምህሩ በተማሪዎቹ ላይ ልቡ መቀዝቀዙን ይለካል። ኮፐንሃገን ይህን አይጠይቅም። መጠይቅንና ቃለ መጠይቅን የሚያጣምረው የቅይጥ ጥናት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ክፍተቱን ቃለ መጠይቁ ይሞላዋል። ከመጠይቁ ውጤት ተነስታችሁ 12 መምህራን ምረጡ። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውን ብቻ አትውሰዱ፤ እዚያው ትምህርት ቤት እያስተማሩ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡትንም ጨምሩ። ያኔ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል።

ግን ስም የሌለበት መጠይቅ ካስሞላችሁ እነዚህን ሰዎች መልሳችሁ አታገኟቸውም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መለያ ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ቁጥሩን ከስልክ ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር ተቆልፎ ለብቻው ይቀመጥ። ይህንንና የቃለ መጠይቁን የፈቃድ ቅጽ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር አስገቡ። አለበለዚያ መጠይቁ ከተሰበሰበ በኋላ የማሻሻያ ፈቃድ ትጠብቃላችሁ፤ ሰኔ ከደረሰ ደግሞ መምህራኑ ለክረምት ይበተናሉ። ወረቀቱንም ርዕሰ መምህሩ አይሰብስበው። አለቃው ሊያየው በሚችል ወረቀት ላይ «ዝያለሁ» ብሎ የሚሞላ መምህር አታገኙም።