አኳሪየም ያላችሁ፣ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ ጥሩት

እግዜር ይስጠው እያልኩ ነው የምጽፈው። አዲስ አበባ ውስጥ አኳሪየም የሚያጸዳና የሚጠግን አንድ ወጣት አለ። «ስሜን አትጻፊው» ብሎ ስለለመነኝ አልጽፈውም፤ ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ነገሩ የመሥሪያ ቤታችን እንግዳ መቀበያ ያለው መቶ ሊትር አኳሪየም ነው። ጉፒዎችና ኒዮን ቴትራዎች አሉበት። በየጊዜው ክንፋቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ይወጣል፣ ጠጠሩ ላይ ይታከካሉ፣ ከዚያ አንድ ሁለቱ ይሞታሉ። ሦስት ሱቅ ጠየቅን፤ ሦስቱም ጠርሙስ ሸጡልን። አንዱማ «ውኃውን ሁሉ ድፉትና ገንዳውን በሳሙና እጠቡት» አለ! ዓሳ የሚሸጥ ሰው ሳሙና ዓሳ እንደሚገድል አለማወቁ እስካሁን ይገርመኛል። አንዳቸውም ስለ ሙቀት አልጠየቁም።

ይህ ልጅ ግን ገና ዕቃውን ሳያወርድ «ውኃ የምትቀይሩት መቼ ነው? ከየትስ ትቀዳላችሁ?» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አርባ ሊትር፣ ከቧንቧ። ቴርሞሜትሩን ገንዳው ውስጥ ከተተ፦ 25 ዲግሪ። ለእነዚህ ዓሳዎች ከ24 እስከ 26 ጥሩ ነው፤ እንከን የለውም። ቀጥሎ ባልዲ ከቧንቧ ሞልቶ ለካ፦ 17። ወረቀት ላይ አሰላልን፦ ስድሳ ሊትር በ25፣ አርባ ሊትር በ17 ሲደባለቅ 22 እንኳን አይሞላም። በጥቂት ደቂቃ ከሦስት ዲግሪ በላይ ወረደ ማለት ነው። ዓሳ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሰውነቱ ከውኃው ጋር አብሮ ይወርዳል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ የነጭ ነጥቡ ጥገኛ ተውሳክም ያኔ ይበረታበታል። ሂተሩ እስከ ማግስቱ ውኃውን ወደ 25 ስለሚመልሰው፣ ሰኞ ቴርሞሜትር የሚያይ ሰው ምንም ጥፋት አያገኝም። ወራት የተታለልነው በዚህ ነው።

«ክሎሪኑ እንዲወጣ አሳድረነው ነው የምንጨምረው» ብንለው ሳቀ። ያደረ ውኃ የክፍሉን ሙቀት ነው የሚይዘው፤ የአዲስ አበባ ክፍል ደግሞ ሌሊት 18 ወይም 19 ነው።

ያሳየን መላ ይህ ነው። በአንድ ጊዜ ሃያ ሊትር ብቻ ቀይሩ። 18 ሊትር ያደረ ውኃ ባልዲ ውስጥ፣ ሁለት ሊትር ያህል የፈላ ውኃ እዚያው ላይ። አማስላችሁ ለኩ፤ ከገንዳው ጋር ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ካልበለጠ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። የፈላ ውኃ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ በፍጹም! ውኃው ከመቀነሱ 15 ደቂቃ በፊት ሂተሩን ንቀሉ፤ ትኩስ መስታወቱ ከውኃ ወጥቶ ቀዝቃዛ ሲነካው ይሰነጠቃል።

የታመሙትንም በችኮላ አላከመም። መድኃኒቱ የሚገድለው ተውሳኩን ከዓሳው ወርዶ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ነው፤ ዓሳው ቆዳ ውስጥ ተደብቆ ሳለ አይደርስበትም። ውኃው ሞቅ ሲል ተውሳኩ ዕድሜውን ቶሎ ይጨርሳል፣ ቶሎም ይወርዳል። ስለዚህ ሂተሩን በቀን አንድ ዲግሪ እየጨመረ በሦስት ቀን 28 አደረሰው። 30 ድረስ ያልሄደበትን ምክንያት ስሰማ ነው ሙያውን ያመንኩት። አንደኛ ኒዮን ቴትራ ብዙ ሙቀት አይወድም። ሁለተኛ ሞቃት ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ያንሳል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ቀድሞውኑ ስስ ነው። ለዚሁ ብሎ የአየር ፓምፕ ጨመረ፤ ዓሳዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ከሆነ አየር አጥሯቸዋል ብሎም አስጠነቀቀን። አዲስ መድኃኒት አልሸጠልንም፤ ሱቅ የሸጡልንን ራሱን ነው የተጠቀመው። ነጥቡ ከጠፋ በኋላም ሕክምናው ጥቂት ቀን እንዲቀጥል አዘዘ፣ ከዚያ ሙቀቱን በመጣበት ፍጥነት ወደ 25 መለሰው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። መብራት ጠፍቶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጥበቃችን ሲደውልለት መጥቼ ላስከፍል አላለም፤ በስልክ ሃያ ደቂቃ አብሮት ቆየ። ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍን፣ ክዳኑን አትክፈት፣ ምግብ አትስጥ፣ ሙቅ ውኃ የሞላ የታሸገ ላስቲክ ጠርሙስ አንሳፍፍ፣ ሲቀዘቅዝ ለውጠው። መብራት ሲመጣ 22 ነበር። ጥበቃችን ሙቀቱን ሊያስቸኩል ሂተሩን ወደ 30 ሊያዞረው ሲል «ተወው፣ በራሱ ይመለስ» አለው። አንድም ዓሳ አልሞተም።

እባካችሁ አኳሪየም ያላችሁ ደውሉለት። ቅዳሜና እሑድ ብዙ ጊዜ ስለሚያዝ፣ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሞክሩ ይሻላል።