«ዛሬ ከተላከ ሰኞ ትወስዳለህ» ሲሏችሁ እንዳታምኑ

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። 150 ሺህ ብር ቀብዴ ተበልቷል።

ኮምቦልቻ አባዱላ ልገዛ ተዋዋልኩ። ቀሪው ሰኞ ነሐሴ 26 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ካልተከፈለ ቀብዱ ይቀራል ይላል ውሉ። የእነዚህን ደላሎች ነገር ታውቁታላችሁ፤ አንድ ደቂቃ አይጨምሩም። ብሩን የምትልከው ሲያትል ያለችው እህቴ ናት።

አርብ ዕለት ደሴ፣ ባንኬ ሄጄ መስኮት ላይ ያለውን ልጅ ጠየቅኩት። «ዛሬ በስዊፍት ከተላከ ሰኞ ጠዋት ትወስዳለህ፣ አታስብ» አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም።

እህቴ ከሥራ አስፈቅዳ እዚያ ያለው ባንኳ ስትደርስ በእነሱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ሆኗል። እኛ ጋ ሌሊት 6፡20 ነው። የዕለቱን ትእዛዝ የሚዘጉት በኒውዮርክ ሰዓት 11 ሲሆን፣ ማለትም በሲያትል 8 ሰዓት ላይ ነው። በ20 ደቂቃ አለፋት። ባንኩ ግን ገንዘቡን ተቀብሎ፣ የመላኪያውን ዋጋ ቆርጦ ደረሰኝ ሰጣት። ቀኑ አልፏል ያላት የለም።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ደረሰኙን አሳትሜ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ያው ልጅ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ያዘው። እስክሪብቶውን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ላይኛው 08/29/2025 ይላል፤ እሱን አይቼ ነው የተኛሁት። ከሥሩ ቫሊዩ ዴት 09/02/2025 ይላል። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ ማክሰኞ ማለት ነው።

«ገንዘቡ የሚንቀሳቀሰው ነገ ነው። ዛሬ አሜሪካ በዓል ነው፤ የሠራተኞች ቀን። ባንክ ዝግ ነው» አለኝ።

«አርብ ሰኞ ጠዋት ትወስዳለህ አላልከኝም?»

«የአሜሪካን በዓል እኔ ልቁጠርልህ?» አለና ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ ጠራ።

እግሬ ከዳኝ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ብር ነው። ቅዳሜና እሁድ ያ ደረሰኝ ስልኬ ላይ ነበር፤ ሁለተኛውን መስመር ባነብ ኖሮ ሻጩን አስቀድሜ እለምነው ነበር። 10 ሰዓት ከ5 ላይ ደላላው ደውሎ «ውሉ ፈርሷል» አለኝና ዘጋው።

ማክሰኞም ቢሆን ሲያትል ባንክ ሲከፈት እኛ ጋ ማታ 1 ሰዓት ነው። የእኛው ባንክ ዘግቷል። ብሩ የገባው ዛሬ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው። አባዱላው ተሸጧል።

ላኪው የተላከበትን ሳይሆን ቫሊዩ ዴቱን ያንብብላችሁ። የስዊፍቱ ኮፒ ከመጣላችሁና 32A የሚል ካለበት እሱን እዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች ዓመት፣ ወር፣ ቀን ናቸው። የእኔ 250902 ይላል። ውል ላይም ከዚያ ቀን በኋላ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ጨምራችሁ ፈርሙ።